ከሜኑ ጀርባ የሚጻፍ ታሪክ
(ድሬዳዋ ውስጥ ለተሰበሰቡ የምግብ ቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ ድሬዎች መቼም አንቱታ አይሆንልንም፤ በዕድሜ የምትበልጡኝን አንተ፣ አንቺ እያልኩ ባወራ እንደማትቀየሙኝ አውቃለሁ።

ምግብ ቤቴን ልከፍት ስል ሜኑ ላሳትም ሄድኩ። ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ጀርባው ባዶ ነው እኮ፣ ስለ ቤቱ ትንሽ ነገር ይጻፍበት» አለኝ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩለት፦ «በካበተ ልምድ፣ በባለሙያ ሼፎች፣ ጥራታቸውን የጠበቁ ባህላዊና ዘመናዊ ምግቦችን በፍቅር እናቀርባለን።» ታትሞ መጣ። አስተናጋጄ አንድ ጊዜ አነበበችና «እትዬ፣ ሼፎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አንዲት ረዳቴ ብቻ ነበርን።

ስቄ አለፍኩት፤ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ያ ጽሑፍ ከዚህ እስከ ሳቢያን ባለ በማንኛውም ቤት ሜኑ ላይ ቢለጠፍ ልዩነት የለውም። ስለዚህ እንደገና ልጽፈው ስነሳ ስለ ቤቱ ማሰቡን ትቼ ስለ አንድ ምግብ ማሰብ ጀመርኩ። ስለ ሁልበት መረቅ።

የሐረር ሰው ያውቀዋል። የአብሽ መረቅ ነው። እኔ ያየሁት ሐረር፣ ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ነው። አያቴ ደግሞ የተማረችው ከሐረሪ ጎረቤቷ ነው። የተፈጨውን አብሽ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ትዘፈዝፈዋለች። ጠዋት አብሹ ውሃውን ጠጥቶ አብጦ፣ እንደ ንፍጥ ተዝለግልጎ ይገኛል፤ ይቅርታ፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። ከላይ የቀረውን ውሃ ቀስ ብላ ትደፋና ሌላ ውሃ ትጨምራለች፣ እሱንም ትደፋለች። ምሬቱ የሚሄደው ከዚያ ውሃ ጋር ነው። ከዚያ በእጇ መምታት ነው። መጀመሪያ ቢጫ የነበረው እየነጣ፣ እየቀለለ ይመጣል፤ አረፋ ሆኖ እጇ ላይ ሲቆም በቃ ትላለች።

እዚህ ድሬ ቤቴን ከፍቼ እንዲሁ አደረግሁ። ማታ ዘፍዝፌ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ገና ሳልመታው አረፋ አለው። ደስ አለኝ! ጠጋ ብዬ ሳሸተው ግን እንደ ቦካ ሊጥ ይሸታል። መምታት ያመጣው አረፋና በራሱ የሚፈላ አረፋ አንድ አይደሉም፤ ይሄኛው ከታች ወደ ላይ ትንንሽ ነጥብ እየሆነ የሚወጣ ነው፣ ሽታውም ይኮመጥጣል።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ ግን 1,200 አካባቢ። አያቴ ሌሊቱ ያቀዘቅዝላት ነበር። እኔ ያ ሌሊት የለኝም። እዚህ ላይ ነው አዲስ አበባ የወሰድኩት የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ትዝ ያለኝ። ያኔ በጣም የሰለቸኝ ትምህርት የሙቀት መለኪያው ነበር፤ እርጥብ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሀል ለረጅም ሰዓት አይቀመጥም የሚለው። የድሬ ሌሊት ደግሞ እዚያው መሀል ላይ ነው። አብሹን ወደ ፍሪጅ አስገባሁት። ጠዋት አወጣሁት፣ ውሃውን ሁለቴ ቀየርኩ፣ መታሁት፤ የአያቴ ሆነ። እኔ መረቁ ላይ የምጨምረው ከእሳት ካወረድኩ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ እያለ ከጨመርኩት አረፋው ይወድቅብኛል።

አያችሁ፣ ሥልጠናዬና የእጄ አሠራር የተገናኙት እዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው። ሜኑው ላይ «የሠለጠነች ባለሙያ» ብዬ ብጽፍ ማንም ምንም አያይበትም። «አብሹን ማታ ፍሪጅ ውስጥ እንዘፈዝፋለን» ብዬ ስጽፍ ግን የሐረር ሰው ቀና ብሎ ያየኛል። «ለምን ፍሪጅ?» ይለኛል። ያኔ ስለ ሥልጠናዬ እነግረዋለሁ።

መጀመሪያ «የአያቴ ሁልበት» ብዬ ጽፌው ነበር። ሰው ይወደዋል፣ አያት የሌለበት ሜኑ የት አለ? ግን ሁልበቱ የአያቴ አይደለም፣ የጎረቤቷ ነው። ሐረሪዎች ገብተው ሲያነቡት ምን ይሉኛል ብዬ አስተካከልኩት። እውነት ለመናገር ከዚያ ወዲህ ሐረሪ ደንበኞቼ ራሳቸው ያርሙኛል፤ አንዷማ ወጥ ቤት ድረስ ገብታ እጄን ይዛ «እንዲህ ነው የሚመታው» ብላኛለች።

የከበደኝ ስለ እምነታችን፣ ስለ ቤቱ ሕግ የሚለው ክፍል ነው። «ሁሉም ነገር በየቀኑ ትኩስ» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ሰውዬ አነበበና ሳይስቅ «ቅቤውም ዛሬ ነው የተነጠረው?» አለኝ። ቅቤ የምናነጥረው በወር ሁለቴ ነው። ዓረፍተ ነገሩን አወጣሁት።

ከዚህ የባሰው ግን የጾሙ ነው። ድሬ ላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም አብሮ ይቀመጣል። ሥጋዬ ሙስሊም ያረደው ነው፣ ይሄንን ሳላድበሰብስ ጻፍኩ፤ የማይበላው ሰው አስቀድሞ ይወቅ። ቀጥዬ «የጾም ምግባችን ለብቻው ይሠራል» አልኩ። አንድ ዓርብ ቀን የምስር ሳምቡሳ ታዘዘ። ረዳቴ መጥበሻውን እያየች ዝም አለች። ዝምታዋ ገባኝ፤ ጠዋት የሥጋውን ሳምቡሳ የጠበስነው በዚያው ዘይት ነው። ድስቱን ለይተናል፣ ጭልፋውን ለይተናል፣ ዘይቱን ረስተነዋል። ለደንበኛው ወጥቼ ነገርኩት፣ ሽሮ በላ። ሜኑዎቹን ግን ከየጠረጴዛው ሰብስቤ ሁለተኛ መጥበሻ እስክገዛ ድረስ አላወጣኋቸውም። መጥበሻው እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አለው፤ እሱ ላይ ሥጋ አይነካም።

አሁን ጀርባው ላይ ያለው ይሄ ነው፣ ላንብበው፦

«ሁልበት ያየሁት ሐረር፣ አያቴ ቤት ነው፤ እሷ የተማረችው ከሐረሪ ጎረቤቷ ነው። የምግብ ዝግጅት ሥልጠና አዲስ አበባ ወስጃለሁ። ድሬ ሙቀት ስለሆነ አብሹን ማታ ፍሪጅ ውስጥ እንዘፈዝፋለን፤ ጠዋት ውሃውን ሁለቴ ቀይረን በእጅ እንመታለን። የዕለቱ ካለቀ አለቀ፣ በዱቄት አናበዛውም። ሥጋችን ሙስሊም ያረደው ነው። የጾም ምግብ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ዘይቱም ለብቻው ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ወጥ ቤቱ ክፍት ነው።»

አጭር ነው፤ አስተናጋጇ ውሃ ይዛ እስክትመለስ ተነብቦ ያልቃል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ትንሽ ፈርቼ ነበር። ሰው እውነትም ይገባል። ቀይ ጨርቅ ያለውን መጥበሻ ያያሉ፣ ፍሪጁን ከፍቶ ያየም አለ። «ካለቀ አለቀ» የሚለውም ገንዘብ ያስከፍለኛል፤ ሰባት ሰዓት ላይ ሁልበት አልቆ ሰው እየተቆጣ የሚሄድበት ቀን አለ። ስንቱን ልዘፍዝፍ የሚለውን አሁንም በደንብ አልለየሁትም፤ ከባቡር ጣቢያው በኩል ሰው የሚበዛበትን ቀን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሜኑውን ከኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሁልበትም በድስት ይዤ መጥቻለሁ፤ አረፋው ሳይወርድ ብትቀምሱት ጥሩ ነው።