«ወዲያ» ሲሉ ጣታቸው የት ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ።

እዚህ አራት ኪሎ ዛሬ ከተሰበሰባችሁት ውስጥ ብዙዎቻችሁ የአዛውንቶችን ትረካ በቪዲዮ ትቀርጻላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የሰፈራችሁ ታሪክ እንዳይጠፋ ብላችሁ። ለዚህ ነው ስለ አንዲት ቃልና ስለ አንድ ጣት ብቻ ላወራችሁ የመጣሁት። ቃሏ «ወዲያ» ናት።

ጣቱ የአንዲት እናት ነው። ስማቸውን ትቼ እማማ እላቸዋለሁ። ያደጉት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። ሳሎናቸው ተቀምጠው የልጅነታቸውን ነገር ሲያወሩ 50 ደቂቃ ቀረጽኳቸው። ድልድዩ ከተቀመጡበት በስተኋላ፣ በግራ ትከሻቸው በኩል ነው የሚገኘው። ትረካው መሃል ላይ፣ 25ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ እንዲህ አሉ፦ «እናቴ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ሆና ትጠራኛለች።»

ይህን ሲሉ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ተነሳ። በትከሻቸው ላይ አልፎ ወደ ኋላ ሄደና ጣታቸው ተቀሰረ። ዞረው አላዩም። እጃቸው ግን ድልድዩ ያለበትን አልሳተም።

ጥያቄዬ ቀላል ይመስል ነበር። እጁ ነው የቀደመው ቃሉ?

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚያሳስተን «እጁ» የሚለው ነገር ነው። አንድ የእጅ ምልክት አንድ ነጥብ አይደለም። አዳም ኬንደን የሚባለው ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳስተማረን፣ እጅ ከማረፊያው ይነሳል፣ ይዘጋጃል፣ ዋናውን ምት ይመታል፣ ማለትም ትርጉም ያለውን እንቅስቃሴ ያደርጋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሌላው ተመራማሪ ሶታሮ ኪታ ደግሞ መሃል ላይ ያሉትን ቆይታዎች ለይቶ አሳየ። እጅ ከምቱ በፊት አየር ላይ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል፤ ከምቱ በኋላም እዚያው ተዘርግቶ ሊቆይ ይችላል።

የእማማን እጅ በዚህ ዓይን እንየው። ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም ይቀርጻል። ስለዚህ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። እጃቸው ከጭናቸው የተነሳበትን ፍሬም ዜሮ እንበለው። እስከ 440 ሚሊሰከንድ ድረስ ክንዳቸው ወደ ትከሻቸው ይወጣል። ከዚያ ለ5 ፍሬም ቀጥ ይላል፤ ጣቱ ገና አልተዘረጋም። 640 ላይ ምቱ ይጀምራል። 840 ላይ ጣቱ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ይቆማል። ይህን የቆመበትን ቦታ ጫፍ እለዋለሁ። እስከ 1560 እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጭናቸው ተመለሰ።

አሁን «እጁ ቀደመ» ለማለት የቱን ልያዝ? መነሻውን ከያዝኩ እጁ «ወዲያ» ከሚለው ቃል ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይቀድማል። ግን ይህ ቁጥር በአብዛኛው የሚነግረኝ መንገዱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ነው። ወደ ኋላ በትከሻ ላይ የሚጠቁም ሰው ረጅም መንገድ ስላለበት ቀድሞ መነሳት አለበት። ፊት ለፊቱ ያለውን ብርጭቆ የሚጠቁም ሰው እንዲህ አይቸገርም። ሁለቱን በመነሻቸው ካወዳደርኩ ያወዳደርኩት መንገዱን እንጂ ከንግግር ጋር ያላቸውን ስምምነት አይደለም። ለጥቆማ የሚሻለው ጫፉ ነው።

በድምፁም በኩል እንደዚሁ ነጥብ መምረጥ አለብን። ግጥም ስንቆጥር ቀለም የምንለው አለ አይደል? «ወዲያ» ሦስት ቀለም ነው፤ ወ፣ ዲ፣ ያ። በእንግሊዝኛ ላይ የሚሠራ ሰው በአጽንዖት የሚነገረውን ቀለም ይይዛል። አማርኛ ውስጥ ግን ይህ አጽንዖት ደካማ ነው፤ ጆሮ ብቻውን አይለየውም። ስለዚህ ድምፁን Praat በሚባለው የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ከፍቼ የድምፁን ከፍታ አየሁ። ከፍታው ጣሪያ የነካው «ዲ» ላይ ነው። ርዝመቱ ያለው ግን «ያ» ላይ ነው። እማማ ሩቅ መሆኑን ለማሳየት «ወዲያያያ» ብለው ነው የሳቡት። ሁላችንም የምናደርገው ነው።

እንግዲህ ጣቱ የደረሰው «ዲ» ላይ ነው «ያ» ላይ?

መጀመሪያ ስለካ «ያ» ላይ ሆኖ አገኘሁት። «ዲ» አልቆ «ያ» ልክ ሲጀምር ጣቱ ይቆማል። ልቤ ዘለለ። የእጅ ምልክት ተመራማሪው ዴቪድ ማክኒል በ1992 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉ ያስቀመጠው ደንብ አለ። ዋናው ምት ንግግሩ ከሚጎላበት ቀለም ይቀድማል፣ ወይም ከሱ ጋር ያልቃል እንጂ ከሱ ኋላ አይቀርም ይላል። የእማማ እጅ ከ«ዲ» በኋላ ደረሰ ማለት አማርኛ ውስጥ እጅ የሚከተለው ከፍታን ሳይሆን የተሳበውን ድምፅ ነው ማለት ነው። ጥሩ ግኝት ነው። መጻፍም ጀምሬ ነበር።

ያቆመኝ ጭብጨባ ነው። ድምፁን የቀረጽኩት በካሜራው ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥኩት መቅረጫ ነበር። ስንጀምር ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቤያለሁ፤ ሁለቱን ፋይሎች ELAN በሚባለው የቪዲዮና የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ላይ ያገጣጠምኳቸው በዚያ ጭብጨባ ነው። ስንጨርስም አጨብጭቤ ነበር። እሱን ግን አላየሁትም ነበር። ሄጄ ሳየው ድምፁ ቀድሞ ይሰማል፤ እጆቼ የሚገናኙት ከ6 ፍሬም በኋላ ነው። 240 ሚሊሰከንድ ማለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ካሜራውና መቅረጫው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሁለት የግድግዳ ሰዓት እኩል አስተካክላችሁ ብትሰቅሉ ከወር በኋላ እንደማይስማሙት ሁሉ፣ እነዚህም ቀስ በቀስ ይለያያሉ። የኔዎቹ በ50 ደቂቃ 240 ሚሊሰከንድ ተለያዩ። ልዩነቱ እኩል እየጨመረ ከሄደ፣ 25ኛው ደቂቃ ላይ ግማሹ ነው፤ 120 ሚሊሰከንድ። «ወዲያ» ያለችው እዚያው ላይ ነች።

ድምፁን በ120 ሚሊሰከንድ እንዲዘገይ ሳደርገው ሥዕሉ ተለወጠ። ከመስተካከሉ በፊት «ዲ» ከ680 እስከ 840 ነበር። ከተስተካከለ በኋላ ከ800 እስከ 960 ሆነ። የጣቱ ጫፍ 840 ላይ ነው። ያኛው «ከዲ በኋላ» ያልኩት ጣት «ዲ» ውስጥ ነው ያለው። ከጅማሬው በ40 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ይህ ደግሞ አንድ ፍሬም ብቻ ስለሆነ «ዘገየ» ልለው አልችልም። አብረው ናቸው ነው የምለው።

የተሳበው «ያ»ስ? እሱም የራሱ ድርሻ አለው። «ያ» የሚያልቀው 1500 ላይ ነው። ጣቱ መመለስ የጀመረው 1560 ላይ ነው። 720 ሚሊሰከንድ ሙሉ እጃቸው ተዘርግቶ የቆየው ድምፁ እስኪያልቅ ነው። ከምቱ በፊትም ለ5 ፍሬም የቆመው «ከድልድዩ» የሚለው እስኪያልቅ ይመስለኛል። እጁ ሁለት ጊዜ ምላስን ጠበቀ። ይህን ሳየው እውነት ለመናገር ከመጀመሪያው የውሸት ግኝት ይልቅ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሌላ «ወዲያ» ፈለግሁ። ከደቂቃዎች በኋላ «ልብሱን ወዲያ ጣልኩት» ይላሉ። እዚህ ቃሉ አልተሳበም፤ ጣቱም ፊት ለፊት ወደ ወለሉ ነው። ዝግጅቱ 240 ሚሊሰከንድ ብቻ ፈጀ፤ መንገዱ አጭር ነዋ። ጫፉ አሁንም «ዲ» ውስጥ አረፈ። ቆይታው ግን 5 ፍሬም ብቻ ነው፤ 200 ሚሊሰከንድ። በሁለት ምሳሌ ደንብ አይወጣም። ግን ድምፁ ሲያጥር ያጠረው ቆይታው ነው፤ የጫፉ ቦታ አልተነቃነቀም። ቀጣይ ሥራዬ ይህን በሌሎች ተራኪዎች ላይ ማየት ነው።

በስልክ ለምትቀርጹ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ስልኮች ፍሬም የሚቀርጹት በእኩል ርቀት አይደለም። ክፍሉ ሲጨልም ፍሬሙ ይሳሳል፣ ሲበራ ይበዛል። እንዲህ ያለ ፋይል ላይ ልዩነቱ እኩል እየጨመረ ሄደ ብላችሁ ግማሹን መውሰድ አትችሉም። መሃል ላይም አጨብጭቡ። ቡና ሲቀዳ፣ ሰው ሲገባ፣ ትረካው በራሱ ሲቆም ጥሩ ጊዜ ነው። አዛውንቱን አታቋርጡ እንጂ ጭብጨባ አይጠላም።

ሌላው ጫፉን ስትለዩ ድምፁን አጥፉ። «ወዲያ» የሚለውን እየሰማችሁ ጣቱ የቆመበትን ከፈለጋችሁ፣ ጆሯችሁ ዓይናችሁን ይጎትተዋል። ቃሉ ያለበት ቦታ ላይ ጣቱን «ታገኙታላችሁ»። መለያው ብዥታው ነው። እጅ ሲንቀሳቀስ ፍሬሙ ላይ ጣቱ ይደበዝዛል። ከምቱ በኋላ ጥርት ብሎ የታየበት የመጀመሪያው ፍሬም ጫፉ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው፣ የእናንተን መልስ ሳያይ፣ እንደገና ይለይ። በአንድ ፍሬም ብትለያዩ የሚጠበቅ ነው። በአራት ፍሬም ከተለያያችሁ ግን ጫፍ የምትሉት ነገር አንድ አይደለም፤ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

አሁን መብራቱን ይቀንሱልኝና የእማማን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቼ ፍሬም በፍሬም አሳልፈዋለሁ። ጣታቸው ቆመ ያላችሁበት ፍሬም ላይ እጃችሁን አንሱ። ከአጠገባችሁ ያለውን ሰው እጅ አትዩ።