ብዙ ሙያ ያለው ሰው አጭር የሕይወት ታሪኩን በምን ይጀምር?

የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣

አዘጋጆቹ ስለ አጭር የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ከመካከላችሁ አብዛኞቹ በተለያዩ ሙያዎች የሠራችሁ መሆናችሁን ነግረውኛል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አስተማሪ፣ ሾፌር፣ ሂሳብ ሠራተኛና ነጋዴ ሆኖ የኖረ ሰው፣ በስልሳ ወይም በሰማንያ ቃል ራሱን ሲያስተዋውቅ እነዚያን ሁሉ በምን ያያይዛቸዋል?

ለምሳሌ የማነሣው በሕዝብ ዘንድ የታወቁትን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ እዚያ አድገው ሕክምና ተማሩ፤ በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ። ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ ሐኪም ብቻ ሆነው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል፤ በ1927 ለጣና ግድብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ተልከዋል፤ በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነዋል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ዲፕሎማሲያዊ ተወካይ ነበሩ። በመካከሉም የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈዋል።

ይህን ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ብንደረድረው አንባቢው ሰውየው ብዙ ቦታ እንደሠሩ ይረዳል እንጂ ማን እንደሆኑ አይገባውም። ታዲያ ሥራዎቹን ሁሉ የሚያያይዘው ክር የት አለ?

መጀመሪያ የሚመጣልን «ሐኪም» የሚለው ነው፤ ስማቸውም ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ነገር ግን ሕክምናው ትምህርት ቤቱንም፣ ጨርጨርንም፣ መጽሐፉንም አይነካም። ረጅም ዘመን የተሠራው ሥራ የግድ ክሩ አይደለም፤ ይህን አስምሬ የምናገረው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚቆም ነው። ሁለተኛው የሚመጣልን «አገራቸውን ያገለገሉ» የሚለው ነው። ይህ ሁሉንም ሥራ ያቅፋል፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን የኖሩ መኳንንትና ጸሐፍት ሁሉ ሊባሉት የሚችሉት ስለሆነ ስለ ወርቅነህ የሚናገረው ነገር የለም። ሦስተኛው «በሁለት ባህል መካከል ያደጉ» የሚለው ነው፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን የደረሰባቸውን እንጂ የሠሩትን አይገልጽም።

እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ የማምንበት ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ከመምጣቴ በፊት ያልነበረ፣ ስሄድ ግን እዚያ የቀረው ነገር ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ፤ የሥራ መጠሪያውንም ከመልሱ ውስጥ አውጡት። ለወርቅነህ ብንመልሰው፣ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት በእርሳቸው አመራር ሥራ ጀመረ፤ በጨርጨር መንገድና የአስተዳደር ሥርዓት ተዘረጋ፤ ተማሪው በገዛ ቋንቋው የሚያነበው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ተገኘ፤ ወደ አሜሪካ በሄዱም ጊዜ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጥሪ አቀረቡ። መልሶቹን ጎን ለጎን ስናነባቸው አንድ ተግባር ይደጋገማል። ወርቅነህ በባዕድ አገር ያዩትንና የተማሩትን ዕውቀት፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ ሊሠራበት በሚችልበት መልክ አገር ውስጥ ያደራጃሉ።

አሁን አጭሩ ታሪክ ሊጻፍ ይችላል። «ወርቅነህ እሸቴ በውጭ አገር የቀሰመውን ዕውቀት በኢትዮጵያ ውስጥ ሌሎች እንዲማሩበትና እንዲሠሩበት ሲያደራጅ የኖረ ሐኪምና አስተዳዳሪ ነው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርቷል፤ ጨርጨርን አስተዳድሯል፤ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በሕንድ ተምሮ በበርማ ሠርቷል፤ በወረራው ዘመንም አገሩን በለንደን ወክሏል።» ሕክምናው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ መነሻ ገብቷል፤ የለንደኑ ሥራ ደግሞ ከክሩ ጋር በግድ ሳይታሰር በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በግልጽ ተቀምጧል። አንድ ሥራ ከክሩ ውጭ ቢቀር ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው እርሱን ለማስገባት ስንል ክሩን እያሰፋን «አገሩን ያገለገለ» ወደሚለው ስንመለስ ነው።

ዝናና ሹመት ለሌለን ለእኛም መንገዱ ያው ነው። አንዲት እህት በትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች እንበል፤ ከዚያም የሆቴል ንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ቀጥላም በቤይሩት የቤት ሠራተኛ ሆነች፤ አሁን የዕድሯ ገንዘብ ያዥ ስትሆን ትንሽ ዳቦ ቤትም ከፍታለች። ለአንድ የነጋዴዎች ሥልጠና ራሷን ስታስተዋውቅ የመጀመሪያ ረቂቋ «በልዩ ልዩ መስኮች የሠራች ታታሪ ሴት» ይላል። ጥያቄያችንን ለእያንዳንዱ ሥራዋ ስታቀርብ፣ በትምህርት ቤቱ የተቀላቀሉ የተማሪዎች ፋይሎች በክፍልና በዓመት ተለይተው ቀርተዋል፤ በሆቴሉ የዕቃው ገቢና ወጪ በካርድ መያዝ ጀምሯል፤ በቤይሩት የአረጋዊቷ አሠሪዋ መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓትና የአስቤዛ ወጪ በደብተር ተጽፏል፤ በዕድሩ ያለ ደረሰኝ የሚወጣ ብር የለም። እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይሆናል፦ «የሰው ንብረትና ገንዘብ በአደራ ተቀብላ በመዝገብ ትይዛለች። ይህን በትምህርት ቤት፣ በሆቴል ንብረት ክፍልና በቤይሩት በሰው ቤት ሠርታለች፤ ዛሬ ዕድሯን በገንዘብ ያዥነት ታገለግላለች፤ በዚያው ልምድ የራሷን ዳቦ ቤት ታስተዳድራለች።» የቤት ሠራተኝነቷን ብዙዎች ደብቂው ይሏት ነበር። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም፤ ከክሩ ጋር ከገጠመ ከሌሎቹ እኩል ማስረጃ ነውና።

ክሩ የተሳሳተ መሆኑን የምታውቁበት መንገድ አለ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለማያውቃችሁ ሰው አንብቡለትና «እኔን ለምን ሥራ ትጠራኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ክሩ ሰፍቷል፤ ከሥራዎቻችሁ አንዱን ብቻ ከጠራ ጠብቧል። ደግሞም ለእያንዳንዱ ሐሳብ የምትጠቅሱት አንድ የሚታይ ነገር፣ ደብተርም ይሁን የተሠራ መንገድ፣ ከሌላችሁ ያ ክር ከሕይወታችሁ የተገኘ ሳይሆን ከምኞታችሁ የመጣ ነው።

እንዲህም ፈልጎ ክር የማያገኝ ሰው ይኖራል። እርሱ ያልሆነውን አይፍጠር። ታሪኩ ለሚነበብበት ጉዳይ የሚጠቅሙትን ሁለት ሥራዎች መርጦ ይጻፍና ሌሎቹን ይተዋቸው፤ ለዳቦ ሥራ ማኅበር የሚጻፈውና ለትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ የሚጻፈው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ይህ ነፃነት ግን ለአጭር የሕይወት ታሪክ ብቻ የተሰጠ ነው። የሥራ ማመልከቻ ቅጽና የቪዛ ፎርም እያንዳንዱን ሥራና ዘመኑን ሲጠይቁ፣ ክር ቢኖርም ባይኖርም ሁሉም በየተራው መሞላት አለበት።

አመሰግናለሁ።