ኮንሶሉ የት ይሰካ? ሳውንድባሩስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከቲቪዬ ጀርባ አራት ኤችዲኤምአይ አለ። ፕሌይስቴሽን 5 እና ሳውንድባር አለኝ። ቀዳዳዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው የሚመስሉት፤ ያገኘሁት ላይ ብሰካ ችግር አለው?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። አዎ፣ ችግር አለው፤ ቅርጻቸው ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው ይለያያል። ሲሰኩ ከሳውንድባሩ ይጀምሩ፤ ምክንያቱም ለእሱ የሚሆነው ፖርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው።

በኤችዲኤምአይ ኬብል ምስልም ድምፅም የሚሄደው ወደ ቲቪው ነው። ሳውንድባር ግን ድምፁን ከቲቪው መቀበል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ድምፅ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ይህ መንገድ ያለው ፖርት አጠገቡ ARC ወይም eARC ተብሎ ተጽፎበታል። አርክ በ2009 እ.ኤ.አ. የመጣው አሮጌው ነው፤ ሁለት ቻናል ያልታመቀ ድምፅ ወይም ዶልቢ የሚባለውን የታመቀ ባለብዙ ቻናል ድምፅ ያሳልፋል። ኢአርክ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣ ሰፊ መንገድ ነው፤ ስምንት ቻናል ድምፅ ሳይታመቅ ያሳልፋል።

ቀጥሎ የኮንሶሉ ተራ ነው። እሱ የሚፈልገው ፍጥነት ነው። በብዙ ቲቪዎች ላይ ካሉት አራት ፖርቶች ሁለቱ ብቻ ናቸው ፎርኬ ምስል በሰከንድ 120 ጊዜ የሚቀበሉት፤ የቀሩት 60 ላይ ይቆማሉ። ፈጣኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ 4K 120Hz የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ጽሑፉ ከሌለ ከቲቪው ጋር የመጣው መመሪያ ውስጥ ተዘርዝሯል። የፖርቱ ቁጥር ምንም አይነግርዎትም፤ 1 ከ4 አይበልጥም፣ 4ም ከ1 አይበልጥም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። በበርካታ ሞዴሎች ከሁለቱ ፈጣን ፖርቶች አንዱ ራሱ የኢአርክ ፖርት ነው። የእርስዎ ቲቪ እንዲህ ነው እንበል፦ 1 እና 2 ተራ ናቸው፣ 3 ላይ eARC እና 4K 120Hz ተጽፏል፣ 4 ላይ 4K 120Hz ብቻ። ሰው 3 ላይ ሁለቱንም ጽሑፍ ሲያይ «ምርጡ ይሄ ነው» ብሎ ኮንሶሉን እዚያ ይሰካና ሳውንድባሩ ቦታ ያጣል። ትክክለኛው ሳውንድባሩን 3 ላይ፣ ኮንሶሉን 4 ላይ፣ የዲሽ ሪሲቨሩን 1 ላይ ማድረግ ነው። የጌሙ ድምፅ በ4 ወደ ቲቪው ገብቶ በ3 ወደ ሳውንድባሩ ይወጣል፤ ኮንሶሉና ሳውንድባሩ በቀጥታ መገናኘት አያስፈልጋቸውም።

ግን ሰክቶ መተው አይበቃም። በብዙ ቲቪዎች ፈጣኑ ፖርት ከሴቲንግ ካልተከፈተ እንደ ተራ ፖርት ነው የሚሠራው። ሳምሰንግ ላይ Input Signal Plus፣ ኤልጂ ላይ HDMI Deep Color፣ ሶኒ ላይ HDMI signal format የሚለውን ፈልገው ኮንሶሉ ላለበት ፖርት ይክፈቱ። ከዚያ ፕሌይስቴሽኑ ላይ Screen and Video ውስጥ ገብተው Video Output Information የሚለውን ያንብቡ፤ ቲቪው ከሚቀበላቸው መካከል 120Hz ከሌለ ወይ ፖርቱ ተራ ነው፣ ወይ ሴቲንጉ አልተከፈተም፣ ወይ ኬብሉ አሮጌ ነው። ከኮንሶሉ ጋር በካርቶኑ የመጣውን ኬብል ይጠቀሙ፤ እሱ ለዚህ ፍጥነት የተሠራ ነው። ደግሞ ዋናው ሜኑ ላይ 60 ቢያዩ አይደንግጡ፤ ኮንሶሉ ወደ 120 የሚሄደው ይህን የሚደግፍ ጌም ሲከፈት ነው።

አድማጭ፦ የእኔ ቲቪ ፈጣን ፖርቱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ኢአርክ የተጻፈበት ነው። ሳውንድባሬ ኤችዲኤምአይ መግቢያም አለው። ኮንሶሉን በሳውንድባሩ በኩል ባሳልፈውስ?

መልስ፦ የሚቻል ነገር ነው፤ ዋጋ የሚኖረው ግን ሳውንድባሩ ፎርኬ በ120 የሚያሳልፍ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙዎቹ 60 ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ፈጣኑን ፖርት ይዘው መሃል ላይ ማነቆ ያስገባሉ። የሳውንድባሩን መመሪያ ይክፈቱና በኤችዲኤምአይ መግቢያው ዝርዝር ውስጥ 4K 120Hz መባሉን ይዩ። ካለ፣ ኮንሶሉን ሳውንድባሩ ላይ፣ ሳውንድባሩን የቲቪው ኢአርክ ላይ ይሰኩ፤ ሁለቱም ተሟላልዎት።

ከሌለ ሁለት መንገድ ነው ያለዎት። አንደኛው ኮንሶሉን ፈጣኑ ፖርት ላይ አድርጎ ለሳውንድባሩ ኦፕቲካል ኬብል መጠቀም ነው። ኦፕቲካል 5.1 ዶልቢ ያሳልፋል፣ ከላይም የሚመጣ ድምፅ የሚጨምረውን የዶልቢ አትሞስ ግን አያሳልፍም፤ የሳውንድባሩን ድምፅም በቲቪ ሪሞት ማስተካከል ላይቻል ይችላል። ሁለተኛው ሳውንድባሩን ኢአርኩ ላይ ትቶ ኮንሶሉን ተራው ፖርት ላይ በ60 መጫወት ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ብዙ ጌሞች በ60 ወይም ከዚያ በታች ነው የሚሄዱት፣ ድምፁ ግን ለጌምም ለፊልምም ሁልጊዜ ይሰማል። የተኩስና የእሽቅድምድም ጌም በ120 የሚጫወቱ፣ ልዩነቱንም በእጅዎ የሚያውቁት ከሆነ ግን ኦፕቲካሉን ይውሰዱ።

አድማጭ፦ ሳውንድባሩን አርክ የተጻፈበት ላይ ሰክቼው ድምፅ የሚወጣው አሁንም ከቲቪው ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከመጠርጠርዎ በፊት የኬብሉን ሌላኛውን ጫፍ ይዩት። ሳውንድባርዎ ሁለት ኤችዲኤምአይ ካለው፣ ኬብሉ የሚገባው HDMI OUT ወይም TV ARC በሚለው ነው። «ድምፅ ወደ ሳውንድባሩ ስለሚገባ» ብለው HDMI IN ላይ የሚሰኩ ብዙ ናቸው፤ በዚያ በኩል ድምፅ አይመለስም።

እሱ ትክክል ከሆነ ቲቪው ላይ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚታዘዙበትን ሴቲንግ ይክፈቱ፤ ሳምሰንግ Anynet+፣ ኤልጂ SIMPLINK፣ ሶኒ BRAVIA Sync ይለዋል። አርክ ያለ እሱ አይነሳም። ከዚያ የድምፅ መውጫውን ከቲቪው ስፒከር ወደ ኤችዲኤምአይ አርክ ይቀይሩ። አሁንም ዝም ካለ ቲቪውንም ሳውንድባሩንም ከግድግዳው ነቅለው ትንሽ ቆይተው ይመልሱ፤ በሪሞት ማጥፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን አያድስም።

ድምፁ ከመጣ በኋላ ጌም ላይ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ጠፍቶ ሁሉም ከፊት ብቻ ከሆነብዎት፣ ፖርቱ አርክ ስለሆነ ነው፤ ኮንሶሉ ያልታመቀ ብዙ ቻናል ሲልክ አርክ ሁለቱን ብቻ ያሳልፋል። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ Sound ከዚያ Audio Output ገብተው Audio Format የሚለውን ከ Linear PCM ወደ Dolby Audio ይቀይሩ፤ ታምቆ ስለሚሄድ በአርኩ ያልፋል። የቲቪው ዲጂታል ድምፅ መውጫ ደግሞ Pass Through ወይም Auto ላይ ይሁን፤ PCM ላይ ከተተወ ቲቪው ራሱ መልሶ ወደ ሁለት ቻናል ያወርደዋል።