የአእምሮ ሕመምና የወንጀል ኃላፊነት፦ በሙሉና በከፊል መካከል
(በደብረ ማርቆስ ለፍርድ ቤት ባለሙያዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ፣ የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤

በችሎት ደጃፍ በተደጋጋሚ የምንሰማው ክርክር «አእምሮው የታመመ ነውና ይፈታ» እና «አውቆ ነው ያደረገውና ይቀጣ» በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አስቀምጧል። አንቀጽ 48 ፈጽሞ ኃላፊ ስላልሆነ ሰው ሲደነግግ፣ አንቀጽ 49 ደግሞ ኃላፊነቱ በከፊል ስለ ቀነሰ ሰው ይናገራል።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ ምሳሌው የእኔ ፈጠራ እንጂ የማንም መዝገብ አይደለም። በቢቸና አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ ለወራት እንቅልፍ አጥቶ፣ ማንም የማይሰማው ድምፅ እየሰማ፣ ጎረቤቱ የምንጩን ውኃ እንደ መረዘበት አምኖ ኖረ እንበል። ቤተሰቡም ጸበል ወስዶ አስጠምቆታል። አንድ ቀን ጎረቤቱን በምንጩ ዳር አግኝቶ በምሳር መትቶ ገደለው።

በመጀመሪያ፣ ሰውየው የመታው ጎረቤቱን ሳይሆን በጎረቤቱ መልክ የመጣበትን ሰይጣን እንደ ሆነ በሕመሙ ምክንያት ፈጽሞ አምኖ ነበር እንበል። ከሬሳው አጠገብ ቆሞም «ሰይጣኑን ገደልሁት፣ ኑ እዩ» እያለ ይጣራል። ይህ ሰው የድርጊቱን ምንነት አልተረዳም፤ በአንቀጽ 48 መሠረት በወንጀል ኃላፊ አይሆንም፣ አይቀጣምም። ይህ ማለት ግን የዚያኑ ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት አይደለም። ለሕዝብ ደኅንነት የሚያሰጋ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 129 እና ተከታዮቹ መሠረት ተገቢ በሆነ ተቋም እንዲጠበቅና እንዲታከም ያዛል። የዚህ ትእዛዝ ጊዜ አስቀድሞ የተቆረጠ አይደለም፤ ምክንያቱ እስካለ ይቆያል፣ በየጊዜውም ይመረመራል።

አሁን ነገሩን በጥቂቱ እንለውጠው። ሰውየው የሚመታው ጎረቤቱን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ከመታውም በኋላ ምሳሩን በጭድ ውስጥ ይደብቃል። ብዙዎቻችን «መደበቁ ጤነኛነቱን ያሳያል» ብለን ነገሩን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን። ይህ ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ መመለስ ነው። መደበቁ ያደረገውን እንደ ተረዳ ያመለክት ይሆናል እንጂ ራሱን መቆጣጠር ይችል እንደ ነበር አያሳይም። ሕጋችን የሚጠይቀው ሁለቱንም ነው፤ የድርጊቱን ምንነትና ውጤት መረዳትን፣ እንዲሁም በዚያ መረዳት ልክ ራስን መግዛትን። ሕመሙ ከሁለቱ አንዱን እንኳ ፈጽሞ ነስቶት ከነበረ ጉዳዩ በአንቀጽ 48 ይታያል። ችሎታው ተዳክሞ እንጂ ጨርሶ ካልጠፋ ግን አንቀጽ 49 ላይ እንደርሳለን። በዚህ ጊዜ ሰውየው ጥፋተኛ ይባላል፤ ቅጣቱ ግን ያለ ገደብ ሊቀንስለት ይችላል። በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በከፊል ኃላፊ ለሆነው ዳኛው በ5 ዓመቱ መነሻ አይገደድም። ከቅጣቱ ጋር ሕክምናም ሊታዘዝለት ይችላል።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር ሕግ የሚመጣ መደናገር አለ። በእንግሊዝ የ1957ቱ የግድያ ሕግ ያቋቋመው የተቀነሰ ኃላፊነት የሚያገለግለው በከባድ ግድያ ለተከሰሰ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ወንጀሉን ወደ ቀላሉ ግድያ ያወርደዋል። የእኛው አንቀጽ 49 ግን በስርቆትም ሆነ በእሳት ቃጠሎ ላይ ይሠራል፤ የሚነካውም የወንጀሉን ስም ሳይሆን ቅጣቱን ነው።

ስለ አረቄም ልናገር። ለመግደል ድፍረት እንዲሆነው አስቦ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ከለላ አያገኝም፤ አንቀጽ 50 ከአንቀጽ 48ም ከአንቀጽ 49ም ያስወጣዋል። ለዓመታት በመጠጥ አእምሮው የተጎዳ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ አንቀጽ 51 ራሱ እንዲህ ያለው ሰው በባለሙያ እንዲመረመር ያስገድዳል።

በተግባር የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ሐኪሙ ተከሳሹን የሚያየው ብዙ ጊዜ ከድርጊቱ ወራት በኋላ፣ ምናልባትም መድኃኒት ወስዶ ከተረጋጋ በኋላ ሲሆን፣ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ምሳሩ ባረፈባት ሰዓት ስለ ነበረው ሁኔታ ነው። ስለዚህ በጸበሉ ቦታ አብረውት የሰነበቱ ሰዎች፣ ሌሊት ሲጮኽ የሰሙ ጎረቤቶችና መጀመሪያ የያዙት ፖሊሶች ቃል እጅግ ይፈለጋል። ምስክሮችም «እብድ ነው» ከማለት ይልቅ ምን እንዳለ፣ ማንን እንዳላወቀ፣ ምን እንደ በላና እንዴት እንዳደረ ቢናገሩ ይጠቅማል። ጎረቤት መተት አድርጎብኛል ብሎ ማመን ብቻውን ግን ሕመምን አያስረዳም፤ በአካባቢያችን ጤነኛ ሆነው ይህን የሚያምኑ ብዙ ናቸውና።

ሐኪሙ የሕመሙን ዓይነትና በማመዛዘን ችሎታ ላይ ያሳደረውን ጫና ይገልጻል። በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ፍርድ ቤቱ ይገደዳል፤ «ስለዚህ ኃላፊ አይደለም» የሚለው የሐኪሙ የሕግ አስተያየት ግን ዳኛውን አያስገድደውም። በሙሉና በከፊል መካከል ያለውን መስመር የሚያሰምረው ዳኛው ነው፤ ለምን እዚያ ላይ እንዳሰመረውም በፍርዱ ውስጥ ጽፎ ማስረዳት አለበት።