ፌድ በራስ እጅ፦ መስመሯን ማጥፋት

[ምስል፦ ቶንዶስ፣ ቁጥሮቹ፣ የእጅ መስታወት]

ፌድ ማለት ከታች አጥሮ ወደ ላይ ቀስ በቀስ የሚረዝም ቁርጥ ነው። ቤት ውስጥ ሲቆረጥ የምታስቸግረው በረጅሙና በአጭሩ ፀጉር መካከል የምትቀረው መስመር ናት። ዛሬ እሷን እናጠፋለን። የምንሠራው ሎው ፌድ ነው። ከጆሮ በላይ ብዙ ስለማይወጣ፣ ቢበላሽም ማስተካከያ ቦታ ይተርፋል።

ፀጉሩ ታጥቦ ይድረቅ፣ በደንብ ይበጠር። እርጥብ ፀጉር ተጣብቆ ስለሚተኛ ቶንዶሱ ከፊሉን ይዘለዋል።

[ምስል፦ ቁጥር ሲገጠም በቅርበት]

ቁጥር የምንለው ቶንዶሱ ምላጭ ላይ የሚገጠመውን ማበጠሪያ ነው፤ በሁለት ቁጥር እንጀምር። 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀራል። ስትገጥሙት ቀጭ ማለቱን ስሙ፣ በጣትም ሳብ አድርጋችሁ እዩት። መሃል ላይ ከወለቀ እስከ ቆዳ ድረስ ይልጣል፤ ያንን የሚሸፍን ፌድ የለም። ጎኑንና ኋላውን በሙሉ ከታች ወደ ላይ ሂዱበት።

ቀጥሎ አንድ ቁጥር፣ 3 ሚሊ ሜትር። ከጆሮ በላይ ሁለት ጣት ያህል ስትወጡ ይብቃችሁ። ከኋላ ደግሞ አጥንቱ ጎላ የሚልበትን ቦታ በጣት ፈልጉና ከሱ በታች ቁሙ።

[ምስል፦ መስመሯ በግልጽ ትታያለች]

ይኸው፣ መጣች። አንድ ቁጥሩን ሳታወልቁ በቶንዶሱ ጎን ያለችውን ማንሻ ክፈቱ። በብዙዎቹ ቶንዶሶች ወደ ታች ስትወርድ ነው የምትከፈተው። አሁን የሚያስቀረው ከአንድ ቁጥር ይረዝማል፣ ከሁለት ያጥራል። መስመሯ ጋ ስትደርሱ አንጓችሁን ወደ ውጭ መለስ አድርጉ፣ ልክ ወጥ በጭልፋ እንደምታወጡ። ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ከገፋችሁ ግን አትጠፋም፤ ከፍ ብላ ሌላ ቦታ ትወጣለች። ፌድ ልቆርጥ ብሎ የገባ ሰው ተላጭቶ የሚወጣው እንዲህ እያባረራት ነው።

መብራቱን ከጎን አድርጉና እዩ። ጠቆር ብሎ የሚታየው ገና ረጅም ነው፣ በተከፈተ ማንሻ ነካ ነካ አድርጉት። ነጣ ያለው ቀድሞውኑ አጥሯል። እሱን እርሱት፣ ከላዩ ያለውን ብቻ አለስልሱ። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ በሁለት እጃችሁ አንዳንድ ጣት ፌዱ የሚጀምርበት ላይ አድርጋችሁ ፊት ለፊት መስታወት እዩ። ለኋላው ግን የእጅ መስታወትም ያሳስታል፣ ግራና ቀኙ ይምታታል። ስልክ ይዞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካለ ጥሩት።

[ምስል፦ ምላጩ ሲጸዳ]

ቶንዶሱ ብዙ ሲሠራ ይግላል። አለፍ አለፍ እያላችሁ ምላጩን በእጅ አንጓ ሞክሩት፤ ካቃጠለ አጥፍታችሁ አቀዝቅዙ። ሲያልቅ ፀጉሩን በብሩሽ አራግፉ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩ። ቤት ውስጥ ቆረቆር ያለበት ልጅ ካለ በአንድ ቶንዶስ አትቆረጡ፣ ይጋባል።

ማጅራትን እስከ ቆዳ አትላጩት። ከርዳዳ ፀጉር ሲበቅል ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባና ያቆጠቁጣል። ያለ ቁጥር፣ ማንሻው ተከፍቶ፣ ሳትጫኑ ማለፍ ይበቃል። እዚያ ጠንካራ እብጠት ከያዛችሁ ቶንዶሱን ትታችሁ የቆዳ ሐኪም አሳዩ።