ባልዲውን ያየ አገሩን ያውቃል?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። ስለ መብራት ምሶሶ ላወራችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘመዳሞች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አንዷ የአክስቴ ልጅ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ሌላው ዘመዳችን አውስትራሊያ ነው የሚኖረው። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። የቀሩት አዲስ አበባ ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት አስተናጋጇ ጨዋታ ጀመረች። ከአውቶቡስ መስኮት የመንገድ ፎቶ ታነሳለች። ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ቆርጣ ትልክና «የት ነኝ?» ትላለች። ሰው ሁሉ ዛፉን ያያል፣ መኪናውን ያያል፣ የሰዉን አለባበስ ያያል። እኔ ግን ዓይኔ ቀጥ ብሎ ምሶሶው ላይ ነው የሚያርፈው። አሥር ዓመት አገር ቤት በመስመር ዝርጋታ ሠርቻለሁ። እንጨት ተሸክሜያለሁ፣ ምሶሶ ላይ ወጥቻለሁ። ምሶሶ ሳይ ቅርጹ ብቻ አይደለም የሚታየኝ። ያ አገር መብራቱን እንዴት ለማከፋፈል እንደወሰነ ነው የሚታየኝ።

ሜሪላንድ የመጣሁ ሰሞን በጣም የገረመኝ ነገር ይሄ ነበር። መንገዱን ይዤ ስሄድ በየጥቂት ቤቱ ምሶሶ ላይ አንድ ግራጫ ባልዲ ተሰቅሏል። ክብ፣ ረዘም ያለ፣ ክዳን ያለው ነገር። ትራንስፎርመር ነው። እኛ አገር ትራንስፎርመር ስንል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለት እንጨት ጎን ለጎን ይቆማል፣ መሐሉ ላይ ብረት ይጋደማል፣ እዚያ ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው ትልቅ ሣጥን ይቀመጣል። አንዱ ሣጥን ስንትና ስንት ቤት ይይዛል። «ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ» ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚጨልመው። እዚህ ግን አንድ ባልዲ ሲበላሽ የሚጨልመው እፍኝ የማይሞላ ቤት ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከቮልቱ ነው። አሜሪካ ቤት ውስጥ ሶኬቱ 120 ቮልት ነው። ትልልቆቹ ዕቃዎች ደግሞ 240 ይወስዳሉ። እኛ ጋ፣ እንዲሁም አውሮፓ፣ ቤት የሚገባው ወደ 220 ወይም 230 ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ግን ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች ነው፤ በሁለት ፌዝ መካከል 380 ወይም 400 ቮልት አለ። ቮልቱ ዝቅ ሲል ያንኑ ያህል ኃይል ለማድረስ አምፔሩ ከፍ ይላል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ትራንስፎርመሩን ከቤቱ ማራቅ አይችሉም። ትንንሽ አድርገው በየደጁ መስቀል አለባቸው። አቅሙ 25 ወይም 50 ኪቪኤ የሆነ ባልዲ የተለመደ ነው። እኛ ጋ 200 ወይም 315 የሆነ አንድ ሣጥን ሰፈር መሐል ተቀምጦ ገመዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮችን ይሄዳል።

ስለዚህ ፎቶ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፦ ባልዲ ነው ሣጥን? ይህ ብቻ ዓለምን ለሁለት ይከፍልልኛል።

ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን ሳላስተውል ተሳስቻለሁ። አንድ ቀን አስተናጋጇ ጠባብ መንገድ፣ የተጠላለፈ ሽቦ፣ ምሶሶ ላይ ባልዲ ያለበት ፎቶ ላከች። እኔ ፈጠን ብዬ «አሜሪካ!» አልኩ። ቶኪዮ ነበር። ጃፓንም ባልዲ ትሰቅላለች። ቤታቸው 100 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካም ያነሰ። ደቡብ ኮሪያም፣ ታይዋንም፣ ፊሊፒንስም፣ ሜክሲኮም ባልዲ አላቸው። ባልዲው በሩን ይከፍታል እንጂ ክፍሉን አያሳይም።

ያን ፎቶ እንደገና ከፍቼ አየሁት። አጥብቄ ባየው ኖሮ ምን ምን ይነግረኝ ነበር? አንደኛ፣ ምሶሶው ኮንክሪት ነው፤ ክብ ሆኖ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። የአሜሪካ የሰፈር ምሶሶ በአብዛኛው እንጨት ነው። ሜክሲኮ ቢሆን ኮንክሪቱ ብዙ ጊዜ ስምንት ጎን ነበረው፤ ጥግ ጥጉ በፎቶ ላይ በጥላ መስመር ይለያል። ሁለተኛ፣ ከላይ ሽቦውን የሚሸከመው አግዳሚ የብረት ነው። አሜሪካ ብዙውን ጊዜ የእንጨት አግዳሚ ታያላችሁ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ። ሦስተኛው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከአግዳሚው ወደ ባልዲው የሚወርደው ሽቦ ስንት ነው?

አሜሪካ ዋናው መስመር ኒውትራል፣ ማለትም መመለሻ ሽቦ፣ አለው፤ እሱም በየቦታው መሬት ተያይዟል። ስለዚህ ለአንድ ባልዲ ከላይ አንድ ሽቦ ብቻ ይበቃል። አንዱ ፌዝ ይወርዳል፣ መመለሻው ኒውትራሉ ነው። ባልዲው አናት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሲኒ መሳይ ነገር ብቻ የምታዩት ለዚህ ነው። ጃፓን ግን መስመሯ 6,600 ቮልት ነው፤ ሦስት ሽቦ፣ ያለ ኒውትራል። ባልዲው የግድ ከሁለት ሽቦ መውሰድ አለበት። በዚያ ላይ ሁለት ባልዲ ጎን ለጎን፣ አንዱ ተለቅ ያለ ሌላው አነስ ያለ፣ ከታየ ጃፓንን አጥብቄ እጠረጥራለሁ። ሦስት ፌዝ ለሚፈልገው ለትንሽ ፋብሪካና ለሱቅ፣ አንድ ፌዝ ለሚበቃው ለመኖሪያ ቤት በአንድ ላይ የሚያገለግሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አሜሪካም እንዲህ ያለ ጥንድ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ስለዚህ ከኮንክሪቱና ከብረቱ ጋር አብሬ ነው የማየው።

ከሳምንት በኋላ ሴኡልን ላከች። እሱም ክብ ኮንክሪት፣ እሱም ባልዲ። ሰው ሁሉ «ጃፓን» አለ። እዚህ ግን ሦስት እኩል ባልዲዎች ተደርድረው ነበር፤ ለእያንዳንዱም ከላይ የሚወርደው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ኮሪያ መስመሯ 22,900 ቮልት ሆኖ ኒውትራል አለው። ሦስቱ ባልዲዎች አንድ ላይ ሦስት ፌዝ ይሠራሉ። «ኮሪያ ነው» አልኩ። ልክ ነበርኩ። የዚያን ቀን ደስታዬን አልደብቃችሁም።

ወደ ገጠር ስትወጡ ነገሩ ይቀላል፤ ሽቦ መቁጠር ብቻ ነው። አግዳሚ ላይ ሦስት ሽቦ ሆኖ ከሥሩ ሌላ ምንም ከሌለ፣ እኛ አገር የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት መስመር እንደዚያ ነው፤ አብዛኛው አውሮፓም እንደዚያ ነው። አግዳሚ ሳይኖር አንድ ሽቦ ምሶሶው ጫፍ ላይ፣ ሌላ አንድ ደግሞ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሆነ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ገጠር ይሸተኛል፤ የታችኛው ኒውትራሉ ነው። አግዳሚ ላይ ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ እንግሊዝን ወይም አየርላንድን አስባለሁ፤ ወደ እርሻ ቤት የሚገነጠለው ቅርንጫፍ እዚያ ሁለት ፌዝ ብቻ ይዞ ይሄዳል። አንድ ሽቦ ብቻ ሆኖ ከሥሩ ምንም ከሌለስ? እሱ ዓይን ይስባል። መመለሻው መሬቱ ራሱ ነው። በ1920ዎቹ ኒው ዚላንድ ውስጥ ሎይድ ማንዴኖ ያስፋፋው ዘዴ ነው። አውስትራሊያም ሰፊ ገጠሯን በዚህ ነው ያዳረሰችው። ቤቶች በኪሎ ሜትሮች ሲራራቁ የሁለተኛው ሽቦ ዋጋ ከባድ ነው።

አውስትራሊያን ካነሳሁ ወደምወደው ፎቶ ልሂድ። ይህኛውን የላከው እዚያ ያለው ዘመዳችን ነው። ደረቅ መንገድ፣ ቀላ ያለ አፈር፣ ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፍ። አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ «እኛው አገር ነው፣ ወደ ደብረ ብርሃን መሄጃ» አሉ። እናቴ ሳትቀር። እውነትም ልብ ይሰርቃል። ባሕር ዛፍ ግን ከዚያው ከአውስትራሊያ ነው በምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣው። ዛፉ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ምሶሶው ግን ምስክር ነው። እንጨት አይደለም፣ ክብ ኮንክሪትም አይደለም። ሁለት ረጃጅም ብረቶች በሁለት ጠርዝ ቆመዋል፣ መሐላቸው በኮንክሪት ተሞልቷል። ከፊት ሲታይ ሰፊ ጣውላ ይመስላል፣ ከጎን ሲታይ ቀጭን ነው። ጠርዙ ላይ የዝገት ቀለም አለ። ይህ የስቶቢ ምሶሶ ይባላል። የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው አዴሌድ ውስጥ የመብራት ድርጅት መሐንዲስ የነበረው ጄምስ ሲረል ስቶቢ በ1924 የሠራው ነው። ደቡብ አውስትራሊያ ለምሶሶ የሚሆን ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት አጥሯት ነበር፤ የተገኘውንም ምስጥ ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ ምስጥ የማይበላውን ሠራ። ሁለቱ ብረቶች በተራራቁ ቁጥር ምሶሶው በዚያ አቅጣጫ ይጠነክራል፤ የሽቦው ጉተታ በሚበረታበት በኩል ሰፊውን ያዞሩታል።

ከዚያ ክፍለ ሀገር ውጪ እምብዛም አይገኝም። ድንበር ተሻግሮ ብሮክን ሂል ከተማ አካባቢ ታዩታላችሁ፤ ሌላው የአውስትራሊያ ክፍል ግን በአብዛኛው የእንጨት ምሶሶ ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶ አገሩን ብቻ ሳይሆን ክፍለ ሀገሩን ይነግራችኋል። እንዲህ ያለ ምሶሶ ብዙ የለም።

ጨዋታውን ልትሞክሩ ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ልበል። የስልክ ምሶሶን ከመብራት ምሶሶ አትቀላቅሉ። ስልኩ አጠር ይላል፣ አናቱ ላይ ብዙ ጊዜ ሲኒ መሳዮቹ ኢንሱሌተሮች የሉም፣ ገመዱም ወፍራም ጥቁር ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ምሶሶ አትፍረዱ። የትም አገር ቢሆን ያረጀ እንጨት በኮንክሪት ይተካል፤ አንድ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ልታገኙ ትችላላችሁ። አገር ቤት ባሕር ዛፉ ለብዙ ዘመን ምሶሶ ሆኖ አገልግሏል፣ አሁን ኮንክሪቱ እየበዛ ነው። ምሶሶው ይቀየራል፤ ትራንስፎርመሩና የሽቦው ቁጥር ግን ቶሎ አይቀየሩም። ቮልቱን ለመቀየር የእያንዳንዱን ቤት ዕቃ መቀየር ይጠይቃልና።

እናቴ በአዴሌዱ ፎቶ አላመነችም። «ባሕር ዛፍ ሞልቷቸው ለምን ብረት ይገዛሉ?» አለች። ምስጡን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና እዚያ ያለው ዘመዳችን ምሶሶው አጠገብ ቆሞ እንዲነሳ ጠየቀችው። በማግስቱ ላከው። ከጎን ቆሟል፤ ምሶሶው ከትከሻው ይቀጥናል። ቀጥሎ ከፊት ሌላ ላከ፤ ምሶሶው ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፣ የሚታየው ክርኑ ብቻ ነው።