ሰርጉ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወር ለእንግዳ ምን ተብሎ ይጻፋል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ የጥሪ ካርዶች፤ አጠገባቸው የተከፈተ ስልክ]

ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የጥሪ ካርድ አዘጋጃለሁ። ካርድ አትሞ ማስረከብ ቀላል ነው። የሚከብደው ካርዱ ከተበተነ በኋላ ደንበኛው ተመልሶ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀኑ ሊቀየር ነው፣ ምን ብለን እንጻፍ?» ሲል ነው። ዛሬ አንድ እንዲህ ያለ መልእክት አብረን እናስተካክላለን። ባለቤቶቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

ሰርጉ እሑድ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሙሽሪት እናት ታመሙ። ሙሽራው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የጻፈውን አሳየኝ።

[ስክሪን ላይ፦ «ውድ ዘመዶቻችን፣ በከፍተኛ ሐዘን የምናሳውቃችሁ የሙሽሪት እናት በድንገት ታመው ሆስፒታል ስለገቡና ሐኪሞች የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ስላሉ ሰርጋችን ላልተወሰነ ጊዜ መራዘሙን ነው። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»]

ልጁ ያሰበው ደግ ነው። ግን «በከፍተኛ ሐዘን የምናሳውቃችሁ» የሚለውን እናቴ ብታነብ ከዚያ አታልፍም፤ መነጽሯን አውልቃ ማልቀስ ትጀምራለች። ይሄ የመርዶ አጀማመር ነው። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚመጡ ይኖራሉ።

ቀጥሎ የእናትየው ሕመም። አራት መቶ ሰው ስለ ልባቸው እንዲያውቅ እሳቸው ፈቅደዋል? አልተጠየቁም። ደግሞም በእኛ አገር የታመመ ሰው ይጠየቃል። «ሆስፒታል ገቡ» ብላችሁ ጽፋችሁ «አትምጡ» ማለት አይቻልም። ብርቱካኑን ይዞ በሩ ላይ የሚቆመው እንግዳ ጥፋት የለበትም፤ የጠራው መልእክቱ ነው።

«ላልተወሰነ ጊዜ» ደግሞ በጆሮ «ቀረ» ማለት ነው። «መጉላላት» የሚለውን ለመብራት መቋረጥ ማስታወቂያ እንተውለት።

[ምስል፦ ጽሑፉ ይጠፋል፤ ባዶ ስክሪን]

እሺ፣ ምክንያቱን ጨርሶ እንተወው? ያም አይሆንም። ምንም ካልተባለ ቡና ላይ ምክንያት ይፈጠርለታል፤ መጀመሪያ የሚፈጠረውም «ተጣሉ» የሚለው ነው። «አልተጣሉም» ብሎ መጻፍ ግን የባሰ ነው፤ ያላሰበውንም ያሳስባል። የሐሰት ምክንያት፣ ለምሳሌ «አዳራሹ ተበላሸ» ማለትም አያዋጣም። ድሬ ነው ያለነው፤ የአዳራሹ ባለቤት የአክስት ልጅ ከተጠሩት አንዷ ትሆናለች።

እኔ የምመክረው፣ «የቤተሰባችንን ትኩረት የሚፈልግ ጉዳይ ስላጋጠመን» ብሎ እዚያው ማቆም ነው። እውነት ነው፣ የማንንም ገመና አያወጣም። ሐሜቱን የሚዘጋው ሌላ ነገር ነው፦ ቁርጥ ያለ አዲስ ቀን፣ ከታች ደግሞ የሁለቱም ቤተሰብ ስም አንድ ላይ። የተጣሉ ቤተሰቦች አንድ ደብዳቤ ላይ አይፈርሙም፤ አንባቢው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ታዲያ አዲሱ ቀን መቼ ይሁን? ቤተሰቡ መጀመሪያ የካቲት ውስጥ አስቦ ነበር። ግን በ2018 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው፤ በጾሙ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አታጋባም። የረመዳን ጾምም በዚያው ሰሞን ስለሚውል ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውን በምሳ ሰዓት መጥራት አይሆንም። ትንሣኤ ሚያዝያ 4፣ ዳግም ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ነው። በ11 ሰርግ ስለሚበዛ አዳራሽ አልተገኘም። እሑድ ሚያዝያ 18 ላይ ተስማሙ። እናትየውም እስከዚያ እንዲያገግሙ ጊዜ ተገኘ።

የድሬን ሚያዝያ ለሚያውቅ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። በጥር ስድስት ሰዓት ላይ መጋበዝ ይቻላል፤ በሚያዝያ ግን እንግዳው በላብ ይታጠባል። ስለዚህ ግብዣው ወደ አስራ አንድ ሰዓት ተገፋ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! «11 ሰዓት» የሚለውን ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ በራሱ ሰዓት ሊያነበው ይችላል። ሁለቱንም ቀን፣ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ።

[ስክሪን ላይ፣ ቀስ እያለ መስመር በመስመር ይወጣል፦

«የተከበራችሁ ዘመዶቻችንና ወዳጆቻችን፣

እሑድ ጥር 24 ሊደረግ የነበረው የልጆቻችን ሰርግ ወደ እሑድ ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 26 ቀን 2026) ተዛውሯል። ቀኑን የቀየርነው የቤተሰባችንን ትኩረት የሚፈልግ ጉዳይ ስላጋጠመን ነው።

ቦታው ካርዱ ላይ ያለው አዳራሽ ነው። ሰዓቱ ተቀይሯል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 17:00 ነው። የያዛችሁት ካርድ ያገለግላል፤ አዲስ አይታተምም።

ከሩቅ ለመምጣት ቲኬት ለቆረጣችሁ፣ ስላስቸገርናችሁ ከልብ ይቅርታ። ለማንኛውም ጥያቄ ለአንደኛ ሚዜው ደውሉ። ስልክ ቁጥር ......

በሚያዝያ በደስታ እንጠብቃችኋለን።

የሙሽራው ቤተሰብ እና የሙሽሪት ቤተሰብ»]

አሮጌው ቀን ለምን ተጻፈ የሚል ይኖራል። የካርዱ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ስለሚዞር ነው። ሁለቱን ቀን አንድ ላይ ያየ ሰው የትኛው እንደቀረ ያውቃል። መልእክቱንም በሦስት ቁራጭ አትላኩት፤ ሰው የሚያስተላልፈው አንዱን ቁራጭ ብቻ ነው።

ስልኩ ለምን የሚዜው ሆነ? እናት የታመመችበት ቤት ስልክ ሲጮህ መዋል ስለሌለበት። ሚዜው ደግሞ አንድ መልስ በቃሉ ይያዝ። «ምን ተፈጥሮ ነው?» ሲባል፣ «ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልን፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ሚያዝያ 18 እንጠብቅዎታለን» ይበል። «እኔ እንኳ ብዙም አላውቅም» እንዳይል! ያ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ማወጅ ነው።

አዲሱ ቀን ገና ካልተቆረጠስ? ቀኑን መቼ እንደምታሳውቁ ጻፉ፤ «እስከ የካቲት 8 አዲሱን ቀን እንነግራችኋለን» ይበቃል። ያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ባይቆረጥም አንድ ቃል ላኩ።

[ምስል፦ ስልክ ጆሮዋ ላይ ያደረገች ሴት፣ በረንዳ ላይ]

ጽሑፉ ከመበተኑ በፊት በድምፅ መስማት ያለባቸው አሉ። ሽማግሌ ሆነው የላካችኋቸው አባቶች፣ የንስሐ አባት፣ ሚዜዎች፣ ከዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከጅቡቲም ጉዞ የያዙ። ጋሼ እንቶኔ ልጅ ያጋቡበትን ነገር ከቴሌግራም ካነበቡት፣ ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጽሑፉን ጠዋት ልቀቁት፤ በሌሊት የሚመጣ የዘመድ መልእክት ልብ ያስደነግጣል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም የማይሰማ አይጠፋም። ስለዚህ ጥር 24 ዕለት ሚዜው አዳራሹ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ እንዲቀመጥ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት አዛውንት ከባጃጅ ወረዱ፤ ኔትወርክ ከማይደርስበት ገጠር ነው የመጡት፣ አንደኛው ማር የሞላ ጀሪካን አቅፈዋል። ሚዜው ጀሪካኑን ተቀብሎ እዚያው ባጃጅ ላይ ከእነሱ ጋር ወጣ፤ ምሳቸውን እናቱ ቤት በሉ።